ረጅም ሳጥን ሲገፋ የቱ ይቀድማል፣ መንሸራተት ወይስ መገልበጥ?

ባለሳጥኑ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። መጋዘን ውስጥ አንድ የእንጨት ሳጥን አለን፤ ውስጡ የኤሌክትሪክ ፓኔል ነው። ቁመቱ 1.80 ሜትር፣ የፊቱ ስፋት 90 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር። ወረቀቱ ላይ ክብደቱ 120 ኪሎ ይላል። ከመጋዘኑ እስከ ማሽን ክፍሉ ያለው ኮሪደር ፎርክሊፍት አያስገባም፣ ስለዚህ መሬት ለመሬት ገፍተን ልንወስደው ነው። ወለሉ ሊሾ ነው።

አለቃዬ «ሰፊውን ፊት ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ግፉት፣ ጉልበት የሚገኘው እዚያ ነው» ይላል። አንዱ ጫኝ ደግሞ «ከወገብ በላይ የነካው ሰው ይጨፈለቃል» ብሎ አስፈራርቶናል። ሁለቱም ሳያስረዱኝ ነው የሄዱት። እጃችን የት ቁመት ላይ ቢያርፍ ነው ሳጥኑ ሳይገለበጥ የሚንሸራተተው? በቁጥር የሚነግረኝ ሰው ካለ ደስ ይለኛል።

ጉልበቱ_በቂ
አራት ሰው ጥራ፣ ምሳ ጋብዝ፣ አለቀ። 120 ኪሎ ለሒሳብ የሚያበቃ ነገር አይደለም።

ፊዚክስ_ወዳጅ
ወንድሜ ቀላል ነው። የሳጥኑ የስበት ማዕከል ቁመቱ እኩሌታ ላይ ነው፣ 90 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ በላይ ከገፋህ ይገለበጣል፣ ከዚያ በታች ከገፋህ ይንሸራተታል። ጫኙ ልክ ነው፣ ግን ወገብ ሳይሆን 90 ላይ ምልክት አድርግና ከእሱ በታች ግፋ።

ሜካኒካሏ
ፊዚክስ ወዳጅ፣ ዝቅ ብሎ መግፋት ይሻላል ያልከው ትክክል ነው። 90 ላይ ምልክት አድርግ ያልከው ግን በዚህ ሳጥን ላይ ሰው ሊጎዳ ይችላል። እንዴት እንደሆነ ላሳያችሁ።

ክብደቱን ለማቃለል 1200 ኒውተን እንበለው። እንጨት በሊሾ ላይ ሲሆን የፍሪክሽኑን ኮፊሸንት ለጊዜው 0.4 ብዬ እወስዳለሁ፣ በኋላ እንለካዋለን። ሳጥኑ እንዲንሸራተት የሚያስፈልገው ግፊት የክብደቱ 0.4 እጅ፣ ማለትም 480 ኒውተን ነው። ይህ ቁጥር እጅህ የትም ይረፍ የት አይለወጥም።

መገልበጡ ግን ከእጅህ ቁመት ጋር ይለወጣል። ሳጥኑ ሲገለበጥ የሚዞረው ከአንተ በራቀው የታችኛው ጠርዝ ዙሪያ ነው። ክብደቱ መልሶ ይይዘዋል፤ የያዘበት ክንድ ደግሞ ከሳጥኑ መሐል እስከዚያ ጠርዝ ያለው ርቀት ነው። ሰፊውን ፊት ስትገፋ ይህ ርቀት የ60 ግማሽ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ክብደቱ የሚሰጥህ መከላከያ 1200 ሲባዛ በ0.3፣ ማለትም 360 ኒውተን ሜትር ነው። የአንተ ግፊት ሲባዛ በእጅህ ቁመት 360 ከሞላ የኋላው ጠርዝ ከመሬት ይነሳል።

አሁን ደረት ላይ፣ 1.20 ሜትር ላይ ግፋው። 360 ለ1.2 ሲካፈል 300 ነው። ለመንሸራተት 480 ያስፈልገዋል፣ ለመገልበጥ 300 ይበቃዋል። ግፊትህ ከዜሮ ተነስቶ ቀስ እያለ ሲጨምር መጀመሪያ የሚደርሰው 300 ላይ ነው፣ ስለዚህ ይገለበጣል። 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ብትገፋው ደግሞ ለመገልበጥ 720 ይፈልጋል። 480 ቀድሞ ይደርሳል፣ ይንሸራተታል።

ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ቁመት 0.3 ለ0.4 ሲካፈል ነው፣ 75 ሳንቲ ሜትር። በምልክት ለሚወዱ፣ h = b/(2μ)፤ h የእጅህ ቁመት፣ μ የፍሪክሽኑ ኮፊሸንት፣ b ደግሞ በምትገፋበት አቅጣጫ ያለው የመሠረቱ ስፋት ነው። ፊዚክስ ወዳጅ ባለው 90 ምልክት አጠገብ፣ ለምሳሌ 85 ላይ ብትገፋ፣ ከስበት ማዕከሉ በታች ሆነህም ሳጥኑ ይገለበጥብሃል።

አለቃህ «ጉልበት የሚገኘው እዚያ ነው» ያለው ለእኔ በጣም የሚያሳስበኝ ነው። አንድ ሰው ቆሞ 300 ኒውተን ቢገፋ ብርቱ ነው፣ 480 ለብቻው አያገኝም። ዝቅ ብሎ ሲገፋ አልነቃነቅ ይለዋል። ያኔ «እንግዲህ በደረቴ» ብሎ ከፍ ይላል። እዚያ ቁመት ላይ ያችው 300 ኒውተን ለመንሸራተት አትበቃም፣ ለመገልበጥ ግን ልክ ትበቃለች።

ጉልበቱ_በቂ
እና ክብደቱ የት ገባ? 120 ኪሎም 400 ኪሎም አንድ ነው ልትይኝ ነው?

ሜካኒካሏ
የቱ ይቀድማል ለሚለው ጥያቄ አዎ፣ አንድ ነው። ክብደት ሲጨምር የመንሸራተቻውም የመገልበጫውም ግፊት በዚያው ልክ ያድጋሉ፣ ቅደም ተከተላቸው አይለወጥም። ክብደት የሚነግርህ ስንት ሰው መጥራት እንዳለብህና ከወደቀ ምን እንደሚደርስ ነው። ምሳውን እዚያ ላይ አስበው።

ስታቲክስ_ያሰቃየው
እህቴ፣ እኔ ሁለተኛ ዓመት ሲቪል ነኝ። ይህንኑ ጥያቄ ስሠራ ፍሪክሽኑን μN ብዬ 480 አስገባሁ፣ ግፊቱን 300 አደረግሁ፣ ከዚያ በስበት ማዕከሉ ዙሪያ ሞመንት ወሰድኩ። እኩልታው አልዘጋ አለኝ። ወደ ጎን ያሉት ኃይሎችም አይመጣጠኑም፣ ሳጥኑ ወደ ገፊው ሰው ይሄዳል ማለት ነው!

ሜካኒካሏ
480 ፍሪክሽኑ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። ሳጥኑ ቆሞ ሳለ ወለሉ የሚመልስልህ የገፋኸውን ያህል ብቻ ነው፤ 300 ስትገፋ 300 ይመልሳል። μN የምታስገባው ሊንሸራተት ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው።

ሌላም አለ። ኖርማል ፎርሱን ሳጥኑ መሐል ላይ ሥለኸው ከሆነ ከዚያ አንቀሳቅሰው። ማንም ሳይገፋው ወለሉ መሐል ላይ ይሸከመዋል። በ1.20 ሜትር ላይ 200 ኒውተን ስትገፋ ግን ሸክሙ 20 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ይሄዳል (200 ሲባዛ በ1.2፣ ለ1200 ሲካፈል)። 300 ሲደርስ 30 ሳንቲ ሜትር ሄዶ ጠርዙ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት ወለል የለም፤ የመገልበጡ መጀመሪያ ያ ነው። ይህን እያሰብክ ከሠራኸው ሞመንቱን በየትኛውም ነጥብ ዙሪያ ውሰድ፣ ይዘጋል። ለድካምህ ግን ጠርዙን ምረጥ፣ ፍሪክሽኑም ኖርማሉም ከእኩልታው ይወጡልሃል።

ፊዚክስ_ወዳጅ
እሺ፣ ግን የስበት ማዕከሉ ቁመት ምንም አያገባውም ማለት ሊዋጥልኝ አልቻለም። ዝቅተኛ መኪና ከረጅም መኪና ይልቅ የማይገለበጠው ለምንድን ነው ታዲያ?

ሜካኒካሏ
ቀስ ብለህ ስትገፋ ጠርዙ እንዲነሳ ለማድረግ አያገባውም። ሁለት ቦታ ላይ ግን በደንብ ይገባል።

አንደኛው ጠርዙ ከተነሳ በኋላ ነው። የእናንተ ሳጥን መሐሉ በ90 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ወደ 18 ዲግሪ ሲያጋድል የስበት ማዕከሉ በጠርዙ ቀጥታ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ማንም አይመልሰውም። ዕቃው ሁሉ ታች ቢሆን ኖሮ የበለጠ ማጋደል ይችል ነበር። ደግሞም እያጋደለ ሲሄድ ክንዱ ያጥራል። 9 ዲግሪ ላይ መልሶ የሚይዘው ሞመንት ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚቀረው። ሰው «ድንገት ሄደብኝ» የሚለው ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ የገፋበትን ኃይል ሳይቀንስ ሳጥኑ መቋቋሙን ያቆማል።

ሁለተኛው ሳጥኑ ተንሸራትቶ ፍጥነት ሲጨምር ነው። ወለሉ ለስልሶ ኮፊሸንቱ 0.2 ቢሆን 1.20 ላይ ስትገፋ በ240 ይንሸራተታል፣ ደህና ነው። ነገር ግን እየሄደ ሳለ ከ480 በላይ ብታስፈነጥረው፣ እየተንሸራተተም ይገለበጣል። እዚህ ላይ ከስበት ማዕከል በላይ መግፋት ክፉ ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ ግፊት እንዲያውም ያረጋጋዋል። ያንተ ደንብ ሙሉ በሙሉ የሚሠራው ፍሪክሽን በሌለበት ወለል ላይ ነው።

ኤፍኤስአር_ሹፌር
እኔም ተመሳሳይ ነገር ደርሶብኛል። ረጃጅም ሳጥን ጭኜ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ ሁሉም ወደ ካቢናው ተደፉ። ሸራው ብቻ ነበር፣ ገመድ አላሰርኩም። እና እኔስ በየትኛው ቁመት ላይ ነው የተገፋሁት?

ሜካኒካሏ
ያንተ ትንሽ ይለያል። ፍሬን ስትይዝ ማንም በእጁ አልገፋውም፤ ውጤቱ ሳጥኑ በስበት ማዕከሉ ላይ ወደፊት እንደተገፋ ነው። ስለዚህ ፊዚክስ ወዳጅ ይደሰት፣ እዚህ የማዕከሉ ቁመት ዋናው ነገር ነው። የባለሳጥኑን ሳጥን 60 ሳንቲ ሜትሩ ወደፊት እንዲሆን አድርገህ ብትጭነው፣ 0.3 ለ0.9 ሲካፈል 0.33 ነው። ኮፊሸንቱ 0.4 ከሆነ ከመንሸራተቱ በፊት ይደፋል፤ የሚደፋውም ፍሬኑ ከስበት ፍጥነት አንድ ሦስተኛው ሲደርስ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ጠንከር ያለ ፍሬን ከዚህ ያልፋል። ቁልቁለቱ ደግሞ ተጨማሪ ነው። 90ውን ወደፊት አድርገህ ብትጭነው 0.5 ይሆናል። ቢሆንም ዝም ብለህ እሰረው።

ጋሽ_ጫኝ
ልጆች፣ እኔ በቁጥር አላውቅም፣ ዕድሜዬን ግን ዕቃ ስሸከም ነው የኖርኩት። ባለሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ሥር ምን እንዳለ ሳታይ አትግፋ። የፋብሪካ ሳጥን ሥሩ ላይ ሞራሌ ይመታለታል። ሞራሌው ወደ ውስጥ ገባ ያለ ከሆነ ሳጥኑ በሚታየው ጠርዝ ሳይሆን በሞራሌው ነው የሚገለበጠው። ሁለተኛ፣ ሞራሌውን በወርዱ አትጎትት፣ ወለሉ ላይ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ይይዛል። በርዝመቱ ውሰደው።

ባለሳጥኑ
ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ፣ ባትሪ ይዤ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሁለት ሞራሌ አለው፣ በ90ው አቅጣጫ ከዳር እስከ ዳር የሄዱ። በ60ው በኩል ግን ከእያንዳንዱ ጠርዝ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብተዋል።

ሜካኒካሏ
ጋሼ ያሉት ሒሳቡን ለወጠው። ሰፊውን ፊት ከገፋችሁ ክንዱ 30 ሳይሆን 25 ሳንቲ ሜትር ነው። 0.25 ለ0.4 ሲካፈል ወደ 62 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ያለ ማለት ነው። የክብደቱ መከላከያም 1200 ሲባዛ በ0.25፣ 300 ኒውተን ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ቅድም 75 ያልኩትን ይዛችሁ ብትገፉ፣ 300 ለ0.75፣ በ400 ኒውተን ይገለበጥ ነበር።

ስለዚህ ሰፊውን ፊት ተዉት። አዙሩትና ጠባቡን ጎን ግፉ፤ ሳጥኑ በ90ው አቅጣጫ ይሂድ። ክንዱ 45 ይሆናል፣ ወሰኑም 0.45 ለ0.4፣ ከ1.10 ሜትር በላይ። ሌላ ጥቅምም አለው፦ በፓኔል ውስጥ ከባዱ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰረው የኋላው ሳህን ላይ ስለሆነ፣ በ60ው አቅጣጫ ክብደቱ መሐል ላይ ላይሆን ይችላል። ወደ ኋላው ፊት ስትገፉት ክንዱ ከ25ም ያጥራል። በ90ው አቅጣጫ ይህ ብዙም አያስጨንቅም።

ኮፊሸንቱን ከእኔ አፍ አትውሰዱት። ቁራጭ ሞራሌ ፈልጉ፣ ላዩ ላይ ዕቃ ጭናችሁ በድምሩ 10 ኪሎ አድርጉት፣ በእጅ ሚዛን ሊሾው ላይ በቀስታ ጎትቱት። ሊነቃነቅ ሲል ሚዛኑ 4 ኪሎ ካነበበ ኮፊሸንቱ 0.4 ነው። ሳጥኑ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ሞክሩት፣ በር አጠገብ ብቻ አይሁን።

ምንጣፍ_ላይ
ይቅርታ፣ የእኔ ቁም ሳጥን ነው። አፓርታማ ውስጥ፣ ወፍራም ምንጣፍ ላይ። ጉልበቴ ላይ ዝቅ ብዬ ገፍቼውም ወደፊት ሊደፋብኝ ነበር። ዝቅ ማለት መፍትሔ ከሆነ ለምን?

ጋሽ_ጫኝ
ምንጣፉ ከፊቱ ተጠቅልሎ እንቅፋት ሆኖበት ነው። ከፊት በኩል ትንሽ አንሺው፣ ከሥሩ ካርቶን ወይም ኮምፔንሳቶ አስገቢ።

ሜካኒካሏ
ጋሼ እንዳሉት ነው፤ የፊቱ ጠርዝ ከተያዘ መንሸራተት የሚባል ምርጫ የለም፣ የቀረው መገልበጥ ብቻ ነው። ይህ ለባለሳጥኑም ይሠራል። ኮሪደሩ ላይ የወለል መገጣጠሚያ ወይም የበር መድረክ ካለ ቁመቱን አክብራችሁ እየገፋችሁም እዚያ ሊወድቅ ይችላል፣ ምክንያቱም ሳጥኑ ይዞት የመጣው ፍጥነት አለ። ክብደቱ በሳጥኑ ውስጥ እኩል ተሰራጭቷል ብዬ፣ ሞራሌውንም ትቼ አሰላሁት። በ60ው አቅጣጫ እየሄደ ጠርዙ ድንገት ቢያዝ በሰከንድ 1.2 ሜትር ፍጥነት ለመገልበጥ ይበቃዋል። ይህ እንግዲህ ሰው ዝም ብሎ የሚራመድበት ፍጥነት ነው። በ90ው አቅጣጫ 1.9 አካባቢ ያስፈልገዋል። ከመገጣጠሚያው በፊት አቁሙት፣ ከዚያ ከቆመበት ቀስ ብላችሁ አሻግሩት።

ባለሳጥኑ
በሚዛኑ ሞከርነው። አንድ ቦታ 4፣ ሌላ ቦታ 5 ይላል፣ አሸዋ ያለበት ላይ ደግሞ ይዋልላል። የቱን ልያዝ?

ሜካኒካሏ
ለመገልበጥ ትልቁን ያዝ፣ 0.5። በ90ው አቅጣጫ ወሰኑ 90 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እጃችሁን ከ70 አታሳልፉ። ለመንሸራተት 600 ኒውተን ሊያስፈልግ ነው፣ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰው። ሲጀመር አንድ ሰው በጎን ቆሞ ከኋላ በኩል ከሞራሌው ሥር ወረቀት ለማስገባት ይሞክር። ወረቀቱ ያለ ችግር ከገባ ሳጥኑ እያነሳ ነው፣ እጃችሁን ዝቅ አድርጉ። ከፊት ማንም አይቁም።

ጋሽ_ጫኝ
ለምን ትታገላላችሁ? የሳሙና ውኃ ወለሉ ላይ ረጭ አድርጉ፣ ገመድ ሞራሌው ላይ አሥራችሁ ከፊት ጎትቱ። ከታች ስለሚጎተት የሚገለበጥበት የለም።

ሜካኒካሏ
ገመዱን ወድጄዋለሁ ጋሼ፤ ከ10 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚጎተት ሳጥን በሒሳብም አይገለበጥም። ሳሙናው ላይ ግን አልስማማም። ኮፊሸንቱ የሚወርደው ለሳጥኑ ብቻ አይደለም፣ ለጎታቾቹ ጫማም ነው። ያዳለጠው ሰው ደግሞ ለመደገፍ የሚይዘው ሳጥኑን ነው፣ ከላይ በኩል።

ጋሽ_ጫኝ
እኛ ሳሙናውን ከሞራሌው ሥር እንጂ ከእግራችን ሥር አናፈስም። በደረቅ ሳሙና ሞራሌውን ማሸትም ይቻላል። ስንቱን ዕቃ በዚህ አሳልፈናል።

ስታቲክስ_ያሰቃየው
አንዱ በ50፣ አንዱ በ1.20 ላይ ቢገፋስ? ሁለት ሰው ሲሆን የቱ ቁመት ነው የሚታሰበው?

ሜካኒካሏ
እኩል ከገፉ አማካዩ፣ 85። ላይኛው በርትቶ ከገፋ ወደ እሱ ይጠጋል። 0.5 ላይ ወሰኑ 90 ስለሆነ ላይኛው ትንሽ ከበረታ ያልፈዋል። ቁመት የተለያዩ ሰዎች ስለሆናችሁ ሳጥኑ ላይ በቾክ አስምሩና ሁላችሁም ከመሥመሩ በታች ያዙ።

ባለሳጥኑ
እሺ፣ ቾክ ይዘናል። አንድ የቀረኝ ጥያቄ ኮሪደሩ መሐል ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል። እዚያ ጥግ ላይ ሳዞረው የምገፋው ሰፊውን ፊት መሆኑ ነው፣ በአንድ ጫፉ። የ25ቱ ክንድ ተመልሶ መጣ ማለት ነው?

ሜካኒካሏ
በከፊል። ጫፉን ስትገፋ ሳጥኑ ስለሚሽከረከር የሚያስፈልገው ኃይል ከ600 በጣም ያንሳል፣ ስለዚህ ለመገልበጥ ላይደርስ ይችላል። በትክክል የት እንደሚያርፍ ግን ሸክሙ በሁለቱ ሞራሌ ላይ እንዴት እንደተከፋፈለ ካላወቅን ቁጥር ልሰጥህ አልችልም። 50ን ያዝ።

ጋሽ_ጫኝ
ጥጉ ላይ አትግፉት። ገመዱን ከሞራሌው ጫፍ አሥራችሁ ወደ ጎን ሳቡት፣ ይዞራል።